«ይህን ሁሉ ጊዜ የት ነበርሽ?» ሲሉሽ

«ጤና ይስጥልኝ። የሂሳብ ባለሙያ ነኝ፣ 7 ዓመት ሠርቻለሁ። ከሥራ ከወጣሁ ግን 3 ዓመት ከ4 ወር ሆነኝ። መጀመሪያ እናቴ ስትሮክ መታትና 14 ወር አስታመምኳት፣ ከዚያ አረፈች። ወዲያው እኔ ራሴ ታመምኩ፣ ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፣ ማገገሙም ረጅም ጊዜ ወሰደ። አሁን ደህና ነኝ፣ በየ3 ወሩ ለክትትል ብቻ ነው የምሄደው። ባለፈው ወር ኢንተርቪው ላይ ‹ይህን ሁሉ ጊዜ የት ነበርሽ?› ሲሉኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ ጭራሽ አለቀስኩ። በዚያው ጠፉ። የፊታችን ማክሰኞ ሌላ ቦታ ተጠርቻለሁ። ልዋሽ? ካልዋሸሁስ የቱን ልንገራቸው፣ የቱን ልተው?»
ማክሰኞን የፈራሁት ነኝ

ሰላም እህቴ። አትዋሺ። ግን አትናዘዢ። ኢንተርቪው ንስሐ አይደለም።

ለዓመታት ከጠያቂዎቹ ወገን ተቀምጫለሁና እዚያ በኩል የሚሆነውን ልንገርሽ። አንድ ጊዜ ለንብረት ክፍል ሠራተኛ ስንፈልግ አንድ ሰውዬ መጣ። ሥራውን ጥርት አድርጎ ያውቃል። ስለ ሁለት ዓመት ክፍተቱ ስንጠይቀው ግን ከመጀመሪያው የኩላሊት ሕመም ምልክት ተነስቶ፣ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት መንከራተቱን፣ የተሳሳተውን መድኃኒት፣ የወንድሙን ጭቅጭቅ ሳይቀር ነገረን። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አልቀረም። አዘንንለት፣ ከልብ ነው የምልሽ። ማታ ላይ ኃላፊያችን መጥቶ «ዛሬ የመጡት እንዴት ናቸው?» ሲለን ከአፋችን የወጣው የመጀመሪያ ቃል ምን ነበር መሰለሽ? «ኩላሊቱ»። ስለ ዕቃ ቆጠራ አሠራሩ የተናገረውን ጥሩ ነገር ማንም አላነሳውም። ክፋት አልነበረም። ከሰማነው ሁሉ በአእምሯችን የቀረው ያ ብቻ ስለነበር ነው።

በዚያው ሳምንት ሌላ ሴት መጣች፣ የእሷም ክፍተት ከሁለት ዓመት በላይ ነው። «ቤተሰብ ለማስታመም ከሥራ ወጥቼ ነበር፣ እሱ አብቅቷል፣ አሁን ሙሉ ጊዜዬን ሥራ ላይ ማድረግ እችላለሁ» አለችና ወደ ሥራው ገባች። ወረቀቴ ላይ የጻፍኩት ይኸው ነው፦ «ቤተሰብ አስታማ ነበር፣ አብቅቷል»። አራት ቃል። ኃላፊውም የሰማው እነዚያኑ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይሄ ይመስለኛል። ከፊትሽ የተቀመጠው ሰው ብዙውን ጊዜ ብቻውን አይወስንም። ያልሽውን ይዞ ሄዶ እዚያ ክፍል ውስጥ ላልነበረ ሰው ይነግራል። ረጅም ታሪክ ከነገርሽው የሚያሳጥረው እሱ ነው፣ በራሱ ቃል፣ በመሰለው መንገድ። ስለዚህ ከመጀመሪያውም አጭሩን አንቺው ሥጪው።

ደግሞ «የት ነበርሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሕይወት ታሪክሽን እየጠየቀ አይደለም። በሆዱ ሦስት ነገር አለ። አባረዋት ይሆን? ነገሩ ገና ካላለቀ ቀጥረናት በሁለተኛው ወር ትቀር ይሆን? ሥራውንስ ረስታው ይሆን? በቃ። እናትሽ የትኛው ጎናቸው እንደደከመ፣ አንቺ ምን እንደወጣልሽ፣ ከእነዚህ ለአንዱም መልስ አይሆንም። ባለፈው ወር ሁሉንም ነግረሻቸው ሦስቱን ግን ሳትመልሺላቸው ሳይቀር አይቀርም ብዬ እገምታለሁ።

እንግዲህ ያንቺን መልስ እንሥራው። መጀመሪያ የሚከብደው ሁለት ምክንያት መያዝሽ ነው። እናትሽን ብቻ ጠርተሽ ሕመምሽን መተው ያምርሻል፣ ማስታመም ሲሰሙት ቀለል ስለሚል። አንዱን ብቻ መናገር በራሱ ውሸት አይደለም። ግን 14 ወር የሆነውን ማስታመም በ3 ዓመት ከ4 ወር ላይ ከዘረጋሽው ውሸት ይሆናል። ቀጥሎ «ሦስቱንም ዓመት እያስታመምሽ ነበር?» የሚል ጥያቄ ከመጣ ደግሞ ወይ ትዋሻለሽ፣ ወይ እዚያው ታርሚያለሽ። ለምን እዚያ ውስጥ ትገቢያለሽ? ሁለቱንም የሚሸፍን አንድ ስም ስጪውና እለፊው፦ የቤተሰብና የጤና ጉዳይ።

እንዲህ በይ፦

«ከባድ የቤተሰብና የጤና ጉዳይ ስለነበረብኝ በራሴ ፈቃድ ሥራዬን ለቅቄ ነበር። ሁለቱም አሁን ተቋጭተዋል፣ ሙሉ ሰዓት ለመሥራት የሚያግደኝ ነገር የለም። ላለፉት ወራት ሙያዬን እያደስኩ ነበር፣ በተለይ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃዎች ላይ የመጣውን ለውጥ። እዚህ የወር መዝጊያ ሥራውን የሚይዘው ይህ የሥራ መደብ ነው?»

ቀስ ብለሽ ስትናገሪው ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። «በራሴ ፈቃድ» የምትለው ለመጀመሪያው ጥርጣሬ ናት፣ አልተባረርኩም ማለት ነው። «ተቋጭተዋል» ለሁለተኛው። ሦስተኛውን የሚመልሰው ሙያሽን ስለማደስ ያልሽው ነው፣ እሱም እውነት መሆን አለበት። ምንም ካላነበብሽ እስከ ማክሰኞ ጊዜ አለሽ፣ አንድ ነገር ብቻ ምረጪና እሱን በደንብ ያዢው። ባንቺ ሙያ ለምሳሌ አይኤፍአርኤስ 18 የሚባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ወጥቶ ከ2027 ጀምሮ ተግባራዊ የሚሆን ነው፣ አንቺ ቤት በነበርሽበት ጊዜ የመጣ። የድሮውን አይኤኤስ 1 ይተካል፣ በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ገቢና ወጪ በሥራ ማስኬጃ፣ በኢንቨስትመንት፣ በፋይናንስ እየተከፈለ እንዲቀርብ ያዛል። ይቺን አውቀሽ ሁለት ዓረፍተ ነገር ማውራት ከቻልሽ «ሥራውን ረስታው ይሆን?» የሚለው ጥርጣሬ «ኮርስ ወስጃለሁ» ከማለት በበለጠ ይረግባል። የምትቀጠሪበት ቦታ ይሄን ደረጃ የማይጠቀም ከሆነ ደግሞ እነሱ የሚሠሩበትን ሶፍትዌር ከማስታወቂያው ላይ አይተሽ እሱን ተለማመጂ።

መጨረሻ ላይ ያለችው ጥያቄ ጌጥ አይደለችም። ሰው ብዙ የሚያወራው ከመልሱ በኋላ በሚመጣው ጸጥታ ላይ ነው። መልስሽን ጨርሰሻል፣ ጠያቂው እየጻፈ ነው፣ ሦስት ሰከንድ ዝም ይላል፣ አንቺ ግን «አላመነኝም» ብለሽ «ማለቴ፣ እናቴ ነበረች...» ትጀምሪያለሽ። ከዚያ በኋላ የሚያቆምሽ የለም። ባለፈው ወርም እንዲህ ሆኖ ይሆናል። ጥያቄዋ ጸጥታውን ለእነሱ ታሻግረዋለች። ጥያቄ መጠየቅ ካልተመቸሽ ደግሞ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ጨርሺና ዝም በይ። ሰውዬው እየጻፈ ነው እንጂ እየፈረደብሽ አይደለም።

ምን እንዳልጨመርኩም ልብ በይ። «አረፈች» የሚል ቃል የለም። ያቺን ቃል ካልሽ ጠያቂዎቹ ሰው ናቸውና «ያጥናሽ» ማለት አለባቸው፣ አንቺም ማመስገን አለብሽ፣ ክፍሉ ለቅሶ ቤት ይሆናል፣ ከዚያ ወደ ባንክ ሂሳብ ማስታረቅ መመለስ ለሁላችሁም ይከብዳል። እንባሽም የሚመጣው በዚያ በር ነው። እናትሽን ደብቀሻት አይደለም፣ እዚያ ክፍል ውስጥ አላስገባሻትም እንጂ። የሕመምሽም ስም የለም። ስም ከሰሙ ማታ ቤታቸው ገብተው ኢንተርኔት ላይ ይፈልጉታል፣ የሚያነቡት ደግሞ ያንቺን ሳይሆን የሌላ ሰው ሕመም ነው፣ ብዙውን ጊዜም የከፋውን። «ይቅርታ» እና «እንደ አጋጣሚ ሆኖ» የሚሉትንም ትቻለሁ፣ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አላደረግሽም።

አንዲት ቃል ላይ ልቆይ። «ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ» አላስባልኩሽም። ሐኪምሽ እንዲህ ብሎሽ ከሆነ ደስ ይላል፣ ግን በየ3 ወሩ ለክትትል የምትሄጅ ሰው ነሽ። ስለ ሰውነትሽ ቃል አትግቢ፣ ስለ ሥራው ግቢ። «ሙሉ ሰዓት ለመሥራት የሚያግደኝ ነገር የለም» የምትለው ዛሬ እውነት ናት፣ ቀጣሪውን የሚመለከተውም እሷ ናት። ስትናገሪያትም ድምፅሽ አይንቀጠቀጥም፣ ምክንያቱም ታውቂያታለሽ።

አሁን ወደማይመቸው እንሂድ። አንዳንዱ አይረካም።

«ምን ነበር ሕመምሽ?» ካለሽ፦ «ሕክምናውን ጨርሻለሁ፣ በዝርዝሩ ባላደክማችሁ ይሻላል። ለዚህ ሥራ የሚያግደኝ ነገር ግን የለም።» ፈገግ ብለሽ፣ ሳትቆጪ። ሁለተኛ ከጠየቀሽ ያንኑ በሌላ ቃል ድገሚው፣ አዲስ ነገር አትጨምሪ። ሰው ሲጫን ትንሽ ቆርሶ መስጠት ያምረዋል፣ ትንሿ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ትወልዳለች። ሦስተኛ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመሽ በእውነቱ ስለ ወደፊት አለቃሽ አንድ ነገር እየተማርሽ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ጥያቄ ሕግ የሚከለክለው ቦታ አለ። በአሜሪካ የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ቀጣሪ ሥራውን ከመስጠቱ በፊት ስለ አካል ጉዳት እንዳይጠይቅ ያግዳል። በብሪታንያም የ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ሥራው ሳይሰጥ ስለ ጤና መጠየቅን ይገድባል። አንቺ ያለሽበት አገር ሕግ ሌላ ሊሆን ይችላል። ያም ሆነ ይህ ኢንተርቪው ላይ ሕግ ጠቅሶ መከራከር ሥራ ሲያስገኝ አላየሁም። ሕጉን ለራስሽ እወቂው፣ መልሱን በለስላሳው ስጪ።

«ተመልሶ ቢመጣስ?» ሊሉ ይችላሉ። ይሄኛው ትንሽ ጨካኝ ነው፣ ግን ፍርሃቱ ይገባኛል። «ስለ ነገ ማንም እርግጠኛ አይሆንም፣ እኔ ዛሬ ሙሉ ሰዓት ለመሥራት ዝግጁ ሆኜ ነው የመጣሁት። ከዚያ በፊት በነበሩት 7 ዓመታት ሥራዬ ምን ይመስል እንደነበር የቀድሞ አለቃዬን መጠየቅ ትችላላችሁ።» መጨረሻዋን የምትይው አለቃሽን አስቀድመሽ ደውለሽ ካስፈቀድሽ ብቻ ነው። ዛሬ ደውዪ። ስንት ሰው ነው ስልክ ቁጥሩ የተቀየረ አለቃ ሰጥቶ የተዋረደው።

«ቤት ውስጥ አሁን የምትንከባከቢው ሰው አለ?» የሚልም አይጠፋም። «የለም፣ እሱ አብቅቷል» በቃ። ለምን እንዳበቃ አይደለም ጥያቄው።

የክትትል ቀጠሮሽንስ? ኢንተርቪው ላይ አታንሺው። ሥራው ተሰጥቶሽ ሳትፈርሚ «በ3 ወር አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን የሐኪም ቀጠሮ አለኝ፣ አስቀድሜ አሳውቃለሁ፣ የወር መዝጊያ ላይ እንዳይውል አደርጋለሁ» በያቸው። በዚያ ሰዓት ወስነውሻል፣ በዓመት አራት ግማሽ ቀን ማለት ሁለት ቀን ነው፣ ለዚያ ብሎ ሐሳቡን የሚቀይር እምብዛም ነው። ተፈርሞ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ሲሰሙት ግን «ደበቀችን» ይላሉ።

አንድ ድንበር አለ። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለጠያቂ ስለሚነገረው ነው። ከተቀጠርሽ በኋላ የጤና ምርመራ ቅጽ ቢሰጡሽ ወይም ለጤና መድን የሚሞላ ወረቀት ቢመጣ እዚያ ላይ እውነቱን ሙዪ፣ ቀዶ ሕክምናዎቹንም ጨምሮ የተጠየቅሽውን። እዚያ ላይ የተገኘ ውሸት ከሥራም ከመድንም ሊያስወጣ ይችላል። ለሐኪም የሚነገረውና ለጠያቂ የሚነገረው የተለያየ ነው፣ አታደባልቂው።

ሲቪሽንም አንድ ጊዜ ክፈቺው። ክፍተቱን ለመሸፈን የቀድሞ ሥራሽን ማብቂያ ቀን ወደፊት ስበሽው ከሆነ አሁኑኑ መልሺው። የሥራ ልምድ ወረቀትሽ ላይ ቀኑ ተጽፏል፣ ደውለው ሲያጣሩም መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ክፍተት ያስጠይቃል፣ የተሳበ ቀን ግን ያስባርራል። ባዶውንም ባዶ አትተዪው፣ ሰው ባዶ ሲያይ የራሱን ታሪክ ይሞላበታል። ከሥራዎችሽ ተርታ፣ በዚያው ፊደል መጠን፣ አንድ መስመር ጻፊ፦ «ከሥራ ውጭ የነበርኩበት ጊዜ፣ የቤተሰብ እንክብካቤና የጤና ጉዳይ፣ ተጠናቋል»። ከሥሩ ማብራሪያ አያስፈልግም። ሊንክድኢን ላይ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ለዚህ ራሱን የቻለ ቦታ አለ፣ Career break ይላል፣ እዚያ ላይ ማስታመምና ጤና ከአማራጮቹ ውስጥ አሉ።

አንድ ትንሽ ዘዴም አለች፣ በብሪታንያ በጥናት ተሞክራ ውጤቱ በ2023 ታትሟል። ወደ 9 ሺህ ገደማ ማመልከቻ ተልኮ፣ ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን ቀናት ከሚጻፉ ይልቅ የቆዩበት ዓመት ብዛት ሲጻፍ ጥሪ ያገኙት በ8 በመቶ ገደማ በለጡ። ብዙ አይደለም፣ ግን ነፃ ነው። ስለዚህ በአናቱ ላይ «የሂሳብ ባለሙያ፣ የ7 ዓመት የሥራ ልምድ» በይ። ቅጹ ቀን የሚጠይቅ ከሆነ ቀኑን ሳትሸፋፍኚ ስጪ። ባለ ዓመት ብዛቱ የዓይን ማረፊያ ነው እንጂ መደበቂያ አይደለም።

ስለ እንባው። ቢመጣ ምን ላድርግ ብለሽ አልጠየቅሽም፣ ግን እሱን ነው የፈራሽው። ከመጣ ውሃ ጠጪ፣ «አንድ ደቂቃ ስጡኝ» በይ፣ ከዚያ ስታቆሚ የምትመለሺው ስለ ሥራው ወደሚያወራው ዓረፍተ ነገር ነው፣ ወዳቋረጥሽው አይደለም። «ላለፉት ወራት ሙያዬን እያደስኩ ነበር» ብለሽ ቀጥይ። ይቅርታ አታብዢ። ጠረጴዛው ወዲያ ሆኜ ያለቀሱ ሰዎች አይቻለሁ፣ ማልቀሳቸው አልነበረም የጎዳቸው። ከዚያ በኋላ ለምን እንዳለቀሱ ሩብ ሰዓት ማስረዳታቸው ነው።

ልምምዱን በልብሽ አታድርጊው። በልብ ሲሉት ሁሉም አጭር ይመስላል። ስልክሽ ላይ ቅጂው፣ ጮክ ብለሽ፣ ተቀምጠሽ። ከዚያ ትንሽ ቀጥ ያለ ባሕርይ ያለው ሰው ፈልጊ፣ የሚያዝንልሽን እህትሽን ሳይሆን የሚያፋጥጥሽን ጓደኛ፣ «ሦስት ዓመት ሙሉ?» ብሎ ፊቱን ያጨማድድብሽ። አምስት ጊዜ ከሰማሽው ማክሰኞ አያስደነግጥሽም።

ቅጂውን መልሰሽ ስትሰሚው ሰዓቱን እዪ። ከ40 ሰከንድ ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ የረዘመው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፣ «ጉዳይ» ካልሽ በኋላ የሆነ ነገር ጨምረሻል ማለት ነው። እዚያ ላይ ቁረጪውና እንደገና ቅጂ።